ባለ ሦስተኛ ዲግሪ እኩልዮሽን በአንድ ራሽናል ሥር መፍታት፦ እጩዎችን ከማጣራት እስከ ኳድራቲኩ

ባለ ሦስተኛ ዲግሪ እኩልዮሽ ሲቀርብልን ብዙዎቻችን እጃችን የሚሄደው ወደ 1 ነው። 1 ካልሠራ −1ን፣ ከዚያ 2ን እንሞክራለን፤ አንዱ ዜሮ ከሰጠን እናካፍልና ወደ ኳድራቲኩ እንሻገራለን። የዚህ አሠራር ችግር ሥሩ ክፍልፋይ በሚሆንበት ጊዜ ይገለጣል። እጩዎቹ ይበዛሉ፣ ስሌቱ ይንዛዛል፣ የትኛውን አስቀድመን እንደምንሞክርም አናውቅም። እዚህ የማሳየው ሁለት ቀላል ስሌቶችን ብቻ በመሥራት አብዛኞቹን እጩዎች ሳንሞክራቸው የምንጥልበትን መንገድ ነው። ከዚያም ማካፈሉን፣ ኳድራቲኩን መፍታቱንና ውጤቱን መፈተሹን በዚያው ምሳሌ ላይ እስከ መጨረሻው እንከተላለን።

የምንሠራበት እኩልዮሽ ይህ ነው፦

```
2x³ + x² − 14x + 12 = 0
```

የግራውን ጎን f(x) እንበለው።

ከመጀመራችን በፊት

እኩልዮሹ በትክክለኛው መልክ መቀመጡን እናረጋግጥ። ሁሉም ነገር በአንድ ጎን፣ በሌላው ጎን ዜሮ ብቻ መሆን አለበት። ኃይሎቹ ከትልቁ ወደ ትንሹ ይደርደሩ። ኮፊሸንቶቹ ድፍን ቁጥሮች ካልሆኑ፣ ለምሳሌ በመካከላቸው 1/3 ወይም 0.5 ካለ፣ መላውን እኩልዮሽ በሚበቃ ቁጥር አባዝተን ድፍን እናድርጋቸው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ የሚሠራው ለድፍን ቁጥሮች ነውና። ሁሉንም የሚያካፍል የጋራ ቁጥር ካላቸው ደግሞ በእሱ እናካፍል፤ ይህን ብንዘለው ስሕተት ላይ ባንወድቅም የእጩዎቹ ቁጥር በከንቱ ይበዛል።

ቋሚው ቁጥር ዜሮ ከሆነ x = 0 ራሱ አንድ ሥር ነው። xን አውጥተን የቀረውን ኳድራቲክ መፍታት ብቻ ይጠበቅብናል። የእኛ ምሳሌ ግን ቋሚው 12 ስለሆነ ረጅሙን መንገድ ይጠይቃል።

እጩዎቹ ከየት ይመጣሉ?

እኩልዮሹ ራሽናል ሥር አለው እንበልና ሥሩን p/q ብለን እንጻፈው። p እና q ድፍን ቁጥሮች ናቸው፤ ክፍልፋዩ እስከ መጨረሻው የተቃለለ ስለሆነ ከ1 በስተቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም፤ qን ሁልጊዜ አዎንታዊ አድርገን እንወስዳለን። በx ቦታ p/q ተክተን ሁሉንም በq³ ስናባዛ ይህ ይወጣል፦

```
2p³ + p²q − 14pq² + 12q³ = 0
```

ይህን መስመር ቆም ብለን እንመልከተው። ከ2p³ በስተቀር ሁሉም ቃላት ውስጥ q አለ። ስለዚህ 2p³ ራሱ በq መካፈል አለበት። q ከp ጋር የጋራ አካፋይ የለውም ብለናል፤ እንግዲህ q የሚያካፍለው 2ን ነው። በተመሳሳይ መንገድ ከ12q³ በስተቀር ሁሉም ውስጥ p ስላለ p የ12 አካፋይ መሆን አለበት። በአጭሩ፣ ላዕሉ የቋሚው ቁጥር አካፋይ፣ ታህቱ የx³ ኮፊሸንት አካፋይ ነው።

የ12 አካፋዮች 1, 2, 3, 4, 6, 12 ናቸው። የ2 አካፋዮች 1 እና 2 ናቸው። ክፍልፋዮቹን ጽፈን የሚደጋገሙትን ስንተው (2/2 ያው 1 ነው፣ 6/2 ያው 3 ነው) የሚቀሩት እነዚህ ናቸው፦

```
±1, ±2, ±3, ±4, ±6, ±12, ±1/2, ±3/2
```

በጠቅላላው 16 እጩዎች። ይህ ዝርዝር የሚነግረን ነገር ውስን መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ራሽናል ሥር ካለ ከእነዚህ አንዱ ነው ይላል እንጂ ከእነዚህ አንዱ የግድ ሥር ነው አይልም። ራሽናል ስላልሆኑት ሥሮችም ምንም አይናገርም።

በ1 እና በ−1 ማጣራት

አሁን f(1)ን እና f(−1)ን እናስላ። ሁለቱም ያለ ብዙ ድካም ይሠራሉ። f(1) የኮፊሸንቶቹ ድምር ነው፤ f(−1) ደግሞ የx³ን እና የxን ኮፊሸንቶች ምልክት ቀይረን የምንደምረው ነው።

```
f(1)  =  2 + 1 − 14 + 12 = 1
f(−1) = −2 + 1 + 14 + 12 = 25
```

ከሁለቱ አንዱ ዜሮ ቢሆን ኖሮ ሥሩን አግኝተን ነበር። ብዙ ሰው ዜሮ አለመሆኑን ሲያይ ሁለቱን ቁጥሮች ሰርዞ ወደ 2 ያልፋል። ይህ ትልቅ ብክነት ነው፤ 1 እና 25 ስለ ቀሩት እጩዎች ብዙ ይናገራሉና። ደንቡ እንዲህ ነው፦ p/q ሥር ከሆነ q − p የf(1) አካፋይ፣ q + p ደግሞ የf(−1) አካፋይ መሆን አለበት።

ምክንያቱን ላስረዳ። p/q ሥር ከሆነ ፖሊኖሚያሉ በ(qx − p) ይካፈላል፤ ማለትም

```
f(x) = (qx − p)(Ax² + Bx + C)
```

ተብሎ ይጻፋል። A፣ B እና C ድፍን ቁጥሮች መሆናቸውን ካረጋገጥን ጉዳዩ ያልቃል፤ በx ቦታ 1 ስንተካ f(1) = (q − p)(A + B + C) ይሆናል፤ ይህም q − p የf(1) አካፋይ መሆኑን ያሳያል። በ−1 ስንተካ ደግሞ f(−1) = −(q + p)(A − B + C) ይሆናል።

ድፍን መሆናቸውስ? የቀኙን ጎን አባዝተን ከf(x) ኮፊሸንቶች ጋር እናስተያይ። የx³ ኮፊሸንት qA ነው፤ q የዚያ ኮፊሸንት አካፋይ እንደሆነ ቀደም ብለን ስላየን A ድፍን ነው። ቋሚው −pC ነው፤ p የቋሚው አካፋይ ስለሆነ C ድፍን ነው። የሚያጠራጥረው B ብቻ ነው። የx² ኮፊሸንት qB − pA ስለሆነ qB ድፍን ቁጥር ነው። የx ኮፊሸንት qC − pB ስለሆነ pBም ድፍን ነው። Bን በq ብናባዛውም በp ብናባዛውም ድፍን ይወጣል፤ p እና q ግን የጋራ አካፋይ የላቸውም። ስለዚህ B ራሱ ታህት ሊኖረው አይችልም፤ ቢኖረው ያ ታህት ሁለቱንም ማካፈል ነበረበት። B ድፍን ነው።

ደንቡን በእኛ እኩልዮሽ ላይ እናውለው። f(1) = 1 ነው። የ1 አካፋዮች 1 እና −1 ብቻ ናቸው። ስለዚህ በላዕሉና በታህቱ መካከል ያለው ልዩነት በትክክል 1 መሆን አለበት። p አሉታዊ ከሆነ q − p ቢያንስ 2 ስለሚሆን አሉታዊ እጩዎች በሙሉ በአንድ ጊዜ ወደቁ። ከአዎንታዊዎቹ 1 ራሱ ልዩነቱ ዜሮ ስለሆነ (እና f(1) ዜሮ ስላልሆነ) ወጥቷል፤ 3 ሲሆን ልዩነቱ 2፣ 4 ሲሆን 3 ነው፤ 6 እና 12 ከዚያም ይብሳሉ። የሚተርፉት 2 (ማለትም 2/1)፣ 1/2 እና 3/2 ብቻ ናቸው።

ቀጥሎ f(−1) = 25 ይግባ። q + p የ25 አካፋይ፣ ማለትም 1፣ 5 ወይም 25 መሆን አለበት። ለ2 ድምሩ 3 ነው፤ ወደቀ። ለ1/2 ድምሩ ያው 3 ነው፤ ወደቀ። ለ3/2 ድምሩ 5 ነው፤ አለፈ።

ከ16 እጩዎች አንድ ቀረ። ኃይል ያለው ስሌት አልሠራንም፤ አራት ቁጥሮችን ሁለት ጊዜ ደመርን እንጂ።

ማጣሪያው ምን ያህል እንደሚጠቅም በf(1) እና በf(−1) አካፋዮች ብዛት ይወሰናል። እዚህ 1 እና 25 መውጣታቸው በጣም አመቺ ነው። f(1) ለምሳሌ 60 ቢሆን ብዙ አካፋዮች ስላሉት የሚጥላቸው እጩዎች ያንሳሉ። እንዲህ ሲሆን በሌላ ድፍን ቁጥር k መድገም ይቻላል፤ p − kq የf(k) አካፋይ መሆን አለበት። ማስረጃው ከላይ ካየነው የተለየ አይደለም።

ማካፈል

የተረፈውን 3/2 በሆርነር ሰንጠረዥ እንሞክረው። ይህን ሰንጠረዥ በረጅሙ ከማካፈል የምመርጠው ሁለት ሥራ አንድ ላይ ስለሚሠራ ነው፤ እጩው ሥር መሆኑን ይፈትናል፣ ሥር ከሆነም ድርሻውን ያስረክበናል። በላይኛው መስመር ኮፊሸንቶቹን እንደርድር፤ የመጀመሪያውን እንዳለ ወደ ታች እናውርድ፤ ከዚያ የታችኛውን ቁጥር በእጩው እያባዛን ከሚቀጥለው ኮፊሸንት ጋር እንደምር።

```
3/2 |  2    1   −14    12
    |       3     6   −12
    ---------------------
       2    4    −8     0
```

በቃላት፦ 2ን አወረድን። 2 ሲባዛ በ3/2 3 ነው፤ 1 ሲደመር 3፣ 4 ሆነ። 4 ሲባዛ በ3/2 6 ነው፤ −14 ሲደመር 6፣ −8 ሆነ። −8 ሲባዛ በ3/2 −12 ነው፤ 12 ሲደመር −12፣ ዜሮ። የመጨረሻው ቁጥር ቀሪው ነው፤ ዜሮ ስለሆነ 3/2 ሥር ነው። ከፊቱ ያሉት 2, 4, −8 የድርሻው ኮፊሸንቶች ናቸው፦

```
f(x) = (x − 3/2)(2x² + 4x − 8)
```

ከሁለተኛው ቅንፍ 2ን አውጥተን ለመጀመሪያው ብንሰጠው ክፍልፋዩ ይጠፋል፦

```
f(x) = (2x − 3)(x² + 2x − 4)
```

2 ከሦስቱም ኮፊሸንቶች መውጣቱ የአጋጣሚ ጉዳይ አይደለም። ቀደም ብለን A፣ B እና C ድፍን መሆናቸውን አሳይተናል፤ በሰንጠረዡ የታችኛው መስመር ላይ የሚቀመጡት ደግሞ qA፣ qB እና qC ናቸው። ስለዚህ ከቀሪው በፊት ያሉት ሦስቱ ቁጥሮች ሁልጊዜ በq መካፈል አለባቸው። ይህ ጊዜ የሚቆጥብ ምልክት ነው። ማጣሪያውን ሳንጠቀም 1/2ን ሞክረን ቢሆን ኖሮ የታችኛው መስመር 2, 2, −13 ይሆን ነበር። −13 በ2 አይካፈልም፤ እዚያው ላይ ቆመን እጩውን መጣል እንችላለን፤ ቀሪውን ማስላት አያስፈልግም። በተቃራኒው ደግሞ ሥር መሆኑን በሌላ መንገድ የምናውቀው እጩ እንዲህ ያለ ቁጥር ከሰጠን ስሕተቱ የመደመር ወይም የማባዛት ነው ማለት ነው።

በሰንጠረዡ ላይ ደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው የጎደለን ኃይል መርሳት ነው። x³ − 7x + 6 ሲሰጠን x² የለም፤ በቦታው ዜሮ መጻፍ አለበት፤ የላይኛው መስመር 1, 0, −7, 6 እንጂ 1, −7, 6 አይደለም። ዜሮው ከተረሳ ሰንጠረዡ በአንድ ቁጥር ያጥራል፤ ድርሻው ኳድራቲክ መሆን ሲገባው የአንደኛ ዲግሪ ሆኖ ይወጣል። ይህን ባያችሁ ጊዜ ወደ ላይኛው መስመር ተመልሳችሁ ኮፊሸንቶቹን ቁጠሩ፤ አራት መሆን አለባቸው።

ሁለተኛው የምልክት ጉዳይ ነው። በሰንጠረዡ ጎን የሚጻፈው ሥሩ ራሱ ነው፤ በቅንፍ ውስጥ የሚገባው ግን ምልክቱን ቀይሮ ነው። ሥሩ −2/3 ከሆነ በጎን −2/3 ይጻፋል፤ ቅንፉ ግን (3x + 2) ይሆናል።

ኳድራቲኩ

የሁለት ነገሮች ብዜት ዜሮ የሚሆነው አንዳቸው ዜሮ ሲሆኑ ነው። ስለዚህ ወይ 2x − 3 = 0፣ ወይ x² + 2x − 4 = 0 ነው። የመጀመሪያው የምናውቀውን x = 3/2 ይሰጣል። እዚህ ላይ እኩልዮሹን በ(2x − 3) አካፍሎ ቅንፉን ከወረቀቱ ማጥፋት ፈተና ላይ በተደጋጋሚ ነጥብ የሚያስቀንስ ነገር ነው። ኳድራቲኩ በትክክል ተፈትቶ ሁለት መልስ ብቻ ይጻፋል፣ ለማግኘት ያን ያህል የተደከመበት ሥር ከመልሱ ይቀራል። ሁለቱንም ቅንፎች እስከ መጨረሻው ጽፎ መያዝ ይሻላል።

ሁለተኛውን በቀመር መፍታት ይቻላል፤ የx ኮፊሸንት ተጋማሽ ስለሆነ ግን ሙሉ ዳግም ርቢ መሥራት እዚህ ይቀልላል። 4ን ወደ ቀኝ አሻግረን በሁለቱም ጎን 1 እንጨምር፦

```
x² + 2x + 1 = 5
(x + 1)² = 5
x = −1 + √5   ወይም   x = −1 − √5
```

በቀመሩ ብንሄድ ዲስክሪሚናንቱ 2² − 4·1·(−4) = 20 ነው፤ √20 = 2√5 ስለሆነ በ2 ስናካፍል መልሱ ያው ነው። በቀመሩ ስትጠቀሙ ኮፊሸንቶቹን ከተቃለለው ኳድራቲክ ውሰዱ። ከ2x² + 4x − 8 ብትወስዱም መልሱ አይለወጥም፤ ዲስክሪሚናንቱ ግን 80 ይሆንና የማቃለሉ ሥራ ይጨምራል። የሚያሳስተው ሁለቱን መቀላቀል ነው፤ aን ከአንዱ፣ bን ከሌላው የወሰደ ሰው የሌላ እኩልዮሽ መልስ ያገኛል።

ሦስቱ ሥሮች እንግዲህ 3/2፣ −1 + √5 እና −1 − √5 ናቸው። በአስርዮሽ ሲጻፉ 1.5፣ በግምት 1.236 እና በግምት −3.236 ናቸው።

መልሱን መፈተሽ

√5 ያለበትን ቁጥር በሦስተኛ ዲግሪ ፖሊኖሚያል ውስጥ መተካት አሰልቺ ነው። የተሻለው መፈተሻ የሥሮቹ ድምርና ብዜት ነው። ለax³ + bx² + cx + d የሦስቱ ሥሮች ድምር −b/a፣ ብዜታቸው −d/a ነው። የእኛዎቹ ሲደመሩ √5ዎቹ ይጠፋፉና 3/2 − 2 = −1/2 ይወጣል፤ −b/a ደግሞ −1/2 ነው። ሲባዙ (−1 + √5)(−1 − √5) = 1 − 5 = −4፤ −4 ሲባዛ በ3/2 −6 ነው፤ −d/a = −12/2 = −6። ሁለቱም ገጠሙ። ድምሩ ብቻ ገጥሞ ብዜቱ ካልገጠመ ስሕተቱን መጀመሪያ በኳድራቲኩ ቋሚ ቁጥርና በዲስክሪሚናንቱ ውስጥ ፈልጉ።

ይህ ምሳሌ አንድ ሌላ ነገርም ያሳያል። f(1) = 1 እና f(2) = 4 ናቸው፤ ሁለቱም አዎንታዊ። ምልክት ስላልተለወጠ በ1 እና በ2 መካከል ሥር የለም ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ነገር ግን ሁለት ሥሮች፣ 1.236 እና 1.5፣ የሚገኙት እዚያው መካከል ነው። ግራፉ ከዜሮ በታች ወርዶ ከ2 በፊት ተመልሶ ይወጣል። የምልክት መለወጥ ሥር መኖሩን ያረጋግጣል፤ አለመለወጡ ግን ሥር አለመኖሩን አያረጋግጥም። እጩዎችን በዚህ ምክንያት ብቻ የጣለ ሰው እዚህ ትክክለኛውን ሥር ጥሎ ይሄዳል።

ከአንድ በላይ እጩ ሲተርፍ

ማጣሪያው ሁልጊዜ እንዲህ አንድ እጩ ብቻ አያስቀርም። ይህን እንይ፦

```
3x³ − x² + 4x + 4 = 0
```

f(1) = 10፣ f(−1) = −4 ነው። እጩዎቹ ±1, ±2, ±4, ±1/3, ±2/3, ±4/3 ናቸው። q − p የ10፣ q + p የ4 አካፋይ ይሁን ስንል ሁለት ይተርፋሉ፦ 1/3 (ልዩነቱ 2፣ ድምሩ 4) እና −2/3 (ልዩነቱ 5፣ ድምሩ 1)። ማጣሪያውን ማለፍ ሥር መሆን ማለት አይደለም፤ ሁለቱንም ሰንጠረዥ ላይ ማውጣት ይገባል። በ1/3 የታችኛው መስመር 3, 0, 4 ይመጣል፤ 4 በ3 አይካፈልም፤ እዚያው ይጣላል። በ−2/3፦

```
−2/3 |  3   −1    4    4
     |      −2    2   −4
     -------------------
        3   −3    6    0
```

ድርሻው 3x² − 3x + 6 ነው፤ 3ን አውጥተን (3x + 2)(x² − x + 2) = 0 እንጽፋለን። የኳድራቲኩ ዲስክሪሚናንት 1 − 8 = −7 ነው። በሪል ቁጥሮች ብቻ የምንሠራ ከሆነ መልሱ x = −2/3 ብቻ ነው። ኮምፕሌክስ ቁጥሮች ከተፈቀዱ (1 ± i√7)/2 ይጨመራሉ። ጥያቄው የትኛውን እንደሚፈልግ ማንበብ ያስፈልጋል።

ዲስክሪሚናንቱ ዜሮ ከሆነ ኳድራቲኩ አንድ ተደጋጋሚ ሥር አለው። ኳድራቲኩ መጀመሪያ ያገኘነውን ሥር ራሱን ደግሞ ሊሰጠንም ይችላል፤ ይህ የስሕተት ምልክት አይደለም፣ ሥሩ ድርብ ነው ማለት ነው። ስለዚህ አንድ እጩ አንድ ጊዜ ስለሠራ ከዝርዝሩ መሰረዝ የለበትም።

ሁሉም እጩዎች ሲወድቁ

ባለ ሦስተኛ ዲግሪ እኩልዮሽ ጠቅላላ ቀመር አለው፤ ጀሮላሞ ካርዳኖ እ.ኤ.አ. በ1545 ያሳተመው ነው። ታዲያ በቀጥታ በእሱ ለምን አንጠቀምም? x³ − 15x − 4 = 0ን እንውሰድ፤ ይህ ራፋኤል ቦምቤሊ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመረመረው ምሳሌ ነው። ቀመሩ የሚሰጠው የ2 + √−121 እና የ2 − √−121 ሣልስ ዘሮች ድምርን ነው። መልኩን አይቶ ይህ ቁጥር 4 መሆኑን የሚገምት ማን ነው? እጩዎቹን የዘረዘረ ሰው ግን ±1, ±2, ±4ን ብቻ ያያል። f(1) = −18፣ f(−1) = 10 ስለሆነ q − p የ18፣ q + p የ10 አካፋይ ይሁን ስንል −2 እና 4 ብቻ ይተርፋሉ፤ ለ−2 ውጤቱ −8 + 30 − 4 = 18 ስለሆነ ይወድቃል፤ ለ4 ግን 64 − 60 − 4 = 0። የቀረው ኳድራቲክ x² + 4x + 1 ነው፤ ሥሮቹም −2 ± √3 ናቸው። ራሽናል ሥር ካለ በእጩዎቹ በኩል መሄድ ያለ ጥርጥር ይሻላል።

ከሌለ ግን ይህ መንገድ እዚያ ላይ ይቆማል። x³ − 3x + 1 = 0 ቀላል መስሎ የሚታይ ምሳሌ ነው። እጩዎቹ 1 እና −1 ብቻ ናቸው፤ f(1) = −1፣ f(−1) = 3። ሁለቱም ወደቁ፤ ስለዚህ ይህ እኩልዮሽ ምንም ራሽናል ሥር የለውም። ይህ ድካም በከንቱ የቀረበት ውጤት አይደለም፤ እጩዎቹ ሁሉ ስለተፈተኑ ማረጋገጫ ነው። ሥሮቹ ግን አሉ፤ f(−2) = −1፣ f(0) = 1 እና f(2) = 3 ሲጨመሩበት በ−2 እና −1፣ በ0 እና 1፣ በ1 እና 2 መካከል ምልክቱ ስለሚለወጥ ሦስቱም ሪል ናቸው። ለእንዲህ ዓይነቱ፣ ሦስት ሪል ሥር ኖሮት አንዱም ራሽናል ላልሆነ እኩልዮሽ፣ በካርዳኖ ቀመር ብንሄድ የአሉታዊ ቁጥር ዳግም ዘር መግባቱ አይቀርም፤ የተሻለው መንገድ ትሪጎኖሜትሪ ነው። x = 2cos θ ብለን ስንተካ 8cos³θ − 6cos θ + 1 = 0 ይሆናል፤ 4cos³θ − 3cos θ = cos 3θ ስለሆነ ይህ 2cos 3θ + 1 = 0 ነው። ከዚህ cos 3θ = −1/2 ይወጣል፤ ሥሮቹም 2cos 40°፣ 2cos 80° እና 2cos 160° ናቸው፤ በግምት 1.532፣ 0.347 እና −1.879።